«ልጄ ደርሷል?»፦ የወላጆችን የግሩፕ መልእክት ከስም ጥሪ በፊት እንዴት እንለይ

ስም ለመጥራት 15 ደቂቃ ቀርቷል እንበል። በክፍሉ የወላጆች ግሩፕ ላይ ከትናንት ማታ ጀምሮ 34 ያልተነበቡ መልእክቶች ተከምረዋል። አብዛኞቹ «እናመሰግናለን መምህር» እና የእጅ ምልክቶች ናቸው። ጥቂቶቹ ስለ ቤት ሥራ ይጠይቃሉ፣ አንዱ ከሌላ ግሩፕ የተላለፈ ማስታወቂያ ነው። ከእነዚህ መሀል አንዲት እናት «ልጄ ደርሷል?» ብላ ጽፋለች። ይህችን መልእክት ያላየ መምህር የቀሩትን 33 አንድ በአንድ ቢያነብም ጠዋቱን አልሠራበትም።

መልእክቶችን በሦስት ሣጥን፣ ማለትም ማስታወቂያ፣ ጥያቄና አስቸኳይ ቀሪ ብሎ መለየት ሲወራ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ሰው የሚጽፈው እኛ ባዘጋጀነው ሣጥን ልክ ስላልሆነ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ35 እስከ 45 ተማሪ ላለው ክፍል የሚሆን ነው። አንድ ስልክ፣ አንድ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ሣጥኖቹን በቅርጽ ሳይሆን በሥራ መለየት

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት መልእክቱን በመልኩ መለየት ነው። የጥያቄ ምልክት ካለው ጥያቄ፣ «አይመጣም» ካለ ቀሪ፣ ረጅምና ሥርዓት ያለው ከሆነ ማስታወቂያ ይባላል። እንደዚያ ከለዩ «ልጄ ደርሷል?» ከቤት ሥራ ጥያቄዎች ጋር ተሰልፎ ከሰዓት በኋላ ይጠብቅዎታል።

ስለዚህ እያንዳንዱን መልእክት የምንጠይቀው ጥያቄ «ይህ እኔን ምን ያሠራኛል? እስከ መቼ?» የሚል ይሁን።

አስቸኳይ ቀሪ ማለት ዛሬ አንድ ልጅ የት እንደሆነ ወይም ከማን ጋር እንደሚሆን የሚነካ መልእክት ሁሉ ነው። የጊዜ ገደቡ የስም ጥሪው መዝገብ እስኪዘጋ ድረስ ነው። በዚህ ፍቺ መሠረት «አይመጣም» ብቻ ሳይሆን «አርፍዶ ይመጣል»፣ «ቀደም ብዬ እወስዳታለሁ»፣ «ዛሬ አጎቷ ነው የሚወስዳት» እና «ደርሷል ወይ?» ሁሉም እዚህ ይገባሉ። የሣጥኑ ስም ትንሽ ጠባብ ሆኖበታል፣ ግን አጭር ስለሆነና አፍ ስለለመደው ይቆይ።

ጥያቄ ማለት ከመምህሩ መልስ የሚፈልግ፣ መልሱ ግን እስከ ትምህርት ማብቂያ ሊቆይ የሚችል ነው።

ማስታወቂያ ደግሞ ሁሉም ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ፣ ከማንም መልስ የማይጠብቅ ነው። የመምህሩ ሥራ እውነት መሆኑን ማጣራትና በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ከሦስቱም የማይገባው ምስጋና፣ ምርቃት፣ ሰላምታና ስቲከር ሣጥን አያስፈልገውም፤ አንብቦ ማለፍ ነው። አራተኛ ሣጥን አበጅተው እሱንም ለመደርደር የሚሞክሩ መምህራን አይቻለሁ፤ ጉልበት መጨረስ ነው።

የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ባልታወቀ ጊዜ መልእክቱ ወደሚያስቸኩለው ሣጥን ይሂድ። ተራ ጥያቄን በስህተት አስቸኳይ ያደረገ መምህር የሚያጣው አንድ ደቂቃ ነው። አስቸኳዩን ጥያቄ ያደረገ ግን ልጁ ቤት አለመሆኑን ወላጅ፣ ክፍል አለመሆኑን መምህር እያወቁ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ ማን ማን እንደሆነ የሚናገር ዝርዝር

ይህ አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው። ያለ እሱ ግን የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። በግሩፕ ውስጥ ወላጆች በልጃቸው ስም አይገቡም። አንዱ «ሁሉም ለበጎ ነው» ብሎ ይገባል፣ ሌላዋ የአበባ ምልክት ብቻ አላት፣ የአንዱ ስም ደግሞ የንግድ ቤቱ ስም ነው። «ነገ አትመጣም» የሚል መልእክት ሲመጣ «ማን ናት?» ብሎ በግሩፕ መጠየቅ ሌላ አሥር መልእክት ይወልዳል።

የተማሪዎቹን ተራ ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ወደ ታች ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን በግሩፑ ውስጥ የወላጁ ስም እንዴት እንደሚታይ፣ ያ ሰው ለልጁ ምኑ እንደሆነ፣ በምዝገባ ጊዜ የተሰጠው ስልክ ቁጥር ስንት እንደሆነ ያስፍሩ። ለአንድ ልጅ ሁለት ሦስት ሰው በግሩፑ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሁሉም ይጻፉ። በተለይ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁለት ልጅ ያለውን ወላጅ በኮከብ ምልክት ያድርጉ፤ ምክንያቱ በኋላ ይታያል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ይህን የመሰለ አጭር መልእክት በግሩፑ አናት ላይ ፒን ያድርጉ፦

«ልጅዎ የሚቀር ከሆነ እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ፦ ቀሪ፣ ተራ ቁጥር፣ ቀን። ለምሳሌ፦ ቀሪ 7 ሰኞ። ምክንያቱን ለእኔ ብቻ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።»

ይህ አጻጻፍ ሁለት ነገር ያተርፋል። የመጀመሪያው ቀኑ በስሙ መጠራቱ ነው። «ነገ» የሚለው ቃል ማታ ተጽፎ ጠዋት ሲነበብ ያሳስታል፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲጻፍ ደግሞ ጸሐፊው ራሱ የትኛውን ቀን እንዳሰበ አይታወቅም። ሁለተኛው የልጁ ሕመም ሰባ ሰው ፊት አለመዘርዘሩ ነው። ሁሉም ወላጅ ይከተለዋል ብለው ግን አይጠብቁ። ግማሹ ቢከተለው እንኳ የሚቀረው የሚለይ ክምር በግማሽ ይቀንሳል።

አንዳንድ መምህራን በቴሌግራም ግሩፑን በ`Topics` ከፍለው ለማስታወቂያ፣ ለጥያቄና ለቀሪ የየራሱ ክፍል ይከፍታሉ። ሞክሬዋለሁ። ወላጅ ሲቸኩል የሚጽፈው መጀመሪያ የተከፈተለት ክፍል ውስጥ ስለሆነ መለየቱ አይቀርም፤ እንዲያውም አንድ ቦታ ሲታይ የነበረው ሦስት ቦታ መታየት ይጀምራል። ለማስታወቂያ ብቻ፣ ከመምህሩ በቀር ማንም የማይጽፍበት ክፍል መክፈት ግን ይጠቅማል።

ደረጃ 2፦ የዕለቱ ወረቀት

ስልክ ላይ መለየት ይቻላል፤ መልእክቱን ወደ `Saved Messages` ፎርዋርድ አድርጎ #ቀሪ ብሎ መጻፍ አንዱ መንገድ ነው። እኔ ወረቀት የምመርጠው ስም የሚጠራው ከመዝገብ ስለሆነ ነው፤ ወረቀቱ መዝገቡ ላይ ተቀምጦ በአንድ ዓይን ይታያል።

ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። ግራውና ሰፊው ለአስቸኳይ ቀሪ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ተራ ቁጥሩን፣ ጉዳዩን በአንድ ቃል፣ የተላከበትን ሰዓትና ባዶ ሣጥን ይይዛል። ባዶው ሣጥን ስም ሲጠራ የሚሞላ ነው። መካከለኛው ለጥያቄ፣ ቀኙ ለማስታወቂያ ይሁን። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ስለሚቀር ልጅ የተላከ መልእክት በዛሬው ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ በዚያ ቀን ወረቀት ላይ ይጻፋል። ስለዚህ የሳምንቱን አምስት ወረቀቶች አስቀድሞ ቀን ጽፎ መያዝ ይመከራል።

ምክንያቱን «ሕመም»፣ «ቀጠሮ»፣ «ቤተሰብ» ከሚል አንድ ቃል አያሳልፉት። ወረቀት ይጠፋል፣ ጠረጴዛ ላይ ይረሳል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ንባብ፣ ለቀሪ ብቻ

ከስም ጥሪው 15 ደቂቃ በፊት ግሩፑን ይክፈቱና ትናንት ካቆሙበት ጀምረው ወደ ታች ያንብቡ። በዚህ ንባብ ማንንም አይመልሱ። መልስ መጻፍ ከጀመሩ ውይይቱ ይጎትትዎታል፤ አዳዲስ መልእክት ይመጣል፤ የት ላይ እንደነበሩ ይጠፋዎታል። እርሳሱ የሚንቀሳቀሰው በግራው ዓምድ ብቻ ነው።

አማርኛችን በዚህ ንባብ ላይ ጥቂት ወጥመዶች አሉት።

ትልቁ የጥያቄ ምልክት ነው። ስንናገር ጥያቄ መሆኑን የሚያሳውቀው ድምፃችን ነው፤ ስንጽፍ ድምፁ ይቀራል፣ ምልክቱንም ብዙ ሰው አይጽፈውም። «ዛሬ አልመጣም» የሚለው ከአንድ አባት ሲመጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ልጁ ቤት ቀርቷል ማለቱ ይሆናል፤ ወይም ልጁን ልኮት «አልመጣም እንዴ?» እያለ ይሆናል። የመጀመሪያው ተራ ቀሪ ነው፣ ሁለተኛው ግን በጣም አስቸኳይ ነው። መለያው ሰዓቱ ነው። ልጆች ከቤት ከሚወጡበት ሰዓት በፊት የተጻፈ ከሆነ ማሳወቅ ነው ለማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ከሆነ ግን ጥያቄ ነው ብለው ይያዙትና ይደውሉ። የተላከበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰላምታ ነው። «እንደምን አደሩ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው ወይ» ተብሎ ሲጀመር ስልኩ በማሳወቂያው ላይ የሚያሳየው ይህን ብቻ ነው፤ ቁም ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ማሳወቂያውን ብቻ አይቶ «ሰላምታ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ረጅም መልእክት ሲያዩ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ። ቮይስ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ እንጂ ሌላ አማራጭ የለም። ፍጥነቱን መጨመር ይቻላል፤ ቢሆንም ተራ ቁጥሩንና ቀኑን ሲጽፉ አንድ ጊዜ መልሰው ይስሙት።

ሦስተኛው በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ የሚመጣ መልእክት ነው። «የኔም»፣ «እኛም ጋ እንዲሁ»፣ «እሱም አልቻለም» የሚሉት ብቻቸውን ምንም አይናገሩም። ከየትኛው መልእክት ሥር እንደተጻፉ ካልታየ ከምስጋናዎቹ ጋር አብረው ይታለፋሉ። የምሥጢሩ ቁልፍ «ም» ናት። በዚች ፊደል የሚጎተት አጭር መልእክት ሲያዩ ወደ ላይ ይመለሱና ምን ላይ እንደተንጠለጠለ ይዩ።

«ቃል ፈልጌ ባገኘውስ?» የሚል ይኖራል። የፍለጋ ሣጥኑ «አይመጣም» ሲባል «አትመጣም»ን አያመጣም፤ ግሡ በወንድና በሴት፣ በነጠላና በብዙ ይለዋወጣል። «ይቀራል»፣ «አትገኝም»፣ «አሞታል»፣ «አልተሻላትም» የሚሉትም አሉ፤ አንዳንዱ «አመመው» ሲል ሌላው «አመመዉ» ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውም ብዙ ነው። በዚያ ላይ «አባቱ ለስብሰባው አይመጣም» የሚለውም በፍለጋው ይወጣል። ፍለጋ አርብ ዕለት የታለፈ ነገር መኖሩን ለማየት ይረዳል እንጂ ጠዋት አይታመንበትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት

በተለያየ ጊዜ የገጠሙኝን መልእክቶች በአንድ ጠዋት ሰብስቤ ላሳይ። ክፍሉ 38 ተማሪ አለው። ከእሑድ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 21 መልእክት ገብቷል፤ አሥራ ሁለቱ ምስጋና፣ ምርቃትና ስቲከር ናቸው። የቀሩት እነዚህ ናቸው፤ ወደ መካከለኛውና ወደ ቀኙ ዓምድ የሚሄዱትን እዚህ አብሬ ባሳይም የሚጻፉት በደረጃ 4 ንባብ ነው።

እሑድ ማታ፣ «ሁሉም ለበጎ ነው» ከሚባለው ስም፦ «ሰላም መምህር እንዴት አመሹ ነገ አትመጣም ትንሽ ትኩሳት አላት»። ዝርዝሩ ስሙን ከተራ ቁጥር 7 ጋር ያገናኘዋል። «ነገ» ዛሬ ሆኗል። ግራ ዓምድ፦ 7፣ ሕመም።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከዚሁ ሥር፦ «የኔም እንደዚያው ነው እግዜር ይማራቸው»። የተራ ቁጥር 22 እናት ናቸው። ልጁ ታሟል፤ ግን ይቀራል አላሉም። ግራ ዓምድ፦ 22፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት። ቀሪ ብሎ መደምደም እዚህ ላይ ስህተት ነው።

ከዚያ አንድ ወላጅ ከሌላ ግሩፕ ያመጡት፦ «ነገ ስብሰባ ስላለ ትምህርት እስከ ግማሽ ቀን ብቻ መሆኑን እናሳውቃለን»። ከማን እንደመጣ፣ «ነገ» የየትኛው ቀን ነገ እንደሆነ አይታወቅም። ማስታወቂያ ይመስላል፤ ቀኝ ዓምድ ውስጥ ገብቶ «ይጣራ» ይባላል። ካልተጣራ ግን ወደ ግራው ዓምድ የሚያልፍ ጉዳይ ነው፤ አንዳንድ ወላጅ አምኖት በግማሽ ቀን ልጁን ሊወስድ ይመጣልና። ስለዚህ ከማስታወቂያዎች ሁሉ በፊት ይጣራል።

ቀጥሎ፦ «ነገ የስፖርት ልብስ ነው የሚለብሱት»። ማስታወቂያ ነው ወይስ ጥያቄ? ከሥሩ ሌላ ወላጅ «እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር» ብለዋል። የሚያስታውቅ ሰው ግራ አይገባውም፤ ጥያቄ ነው። መካከለኛው ዓምድ።

ከዚያ፦ «የሒሳቡ የቤት ሥራ ገጽ ስንት ነው እኛ ደግሞ ረቡዕ ቀጠሮ ስላለን አይኖርም»። አንድ መልእክት፣ ሁለት ሣጥን። ይህ ዓይነቱ ነው ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው፤ አንባቢው ጥያቄውን አይቶ «ጥያቄ» ብሎ ያልፋል፣ የረቡዑ ቀሪ አብሮ ይሄዳል። የቤት ሥራው ወደ መካከለኛው ዓምድ፣ «30፣ ቀጠሮ» ወደ ረቡዕ ወረቀት።

ሰኞ ጠዋት፦ «አርፍዶ ይመጣል»፣ ከሥሩ `edited` የሚል። ማታ ሳነበው «አይመጣም» ነበር የሚለው። ትናንት አንብቤዋለሁ ብሎ ያልተመለሰበት መምህር ልጁን ቀሪ አድርጎ ይመዘግበዋል፣ ልጁ ግን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በሩ ላይ ይቆማል። ግራ ዓምድ፦ 15፣ አርፍዶ። በማታው ንባብ ያገኙትን ቀሪ ሁሉ ጠዋት አንዴ ተመልሰው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የ50 ሰከንድ ቮይስ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ መጨረሻ ላይ «ዛሬ አጎቷ ነው የሚወስዳት» ይላል። ግራ ዓምድ፦ 11፣ መውጫ፣ ይረጋገጥ። የሚረጋገጠው መልእክቱን ለላከው ስም በመመለስ አይደለም፤ ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። በምዝገባ ወደተሰጠው ቁጥር ደውሎ ከወላጁ አፍ መስማት ነው። «አይመጣም» የሚል መልእክት ሁልጊዜ በቮይስ ከሚያወሩ እናት በድንገት አጥሮ በጽሑፍ ሲመጣም እንዲሁ ይደወል፤ ልጆች የእናታቸውን ስልክ መክፈት ያውቃሉ።

የመጨረሻው፣ ደወሉ ሊደወል 6 ደቂቃ ሲቀረው፦ «መምህር ልጄ ደርሷል? ዛሬ ብቻውን ነው የመጣው»። ግራ ዓምድ፣ ከሁሉ በላይ፦ 31፣ ደርሷል?

ስም ተጠራ። ወንበራቸው ባዶ የሆነው አራት ናቸው፦ 7፣ 9፣ 15 እና 31። ተራ ቁጥር 22 እያሳለ ተቀምጧል፤ ቀሪ ብለን ብንደመድም ተሳስተን ነበር። 7 ምክንያቱ ይታወቃል፣ 15 አርፍዶ ይመጣል። የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

31 ከሁሉ ይቀድማል፤ እናቱ ወጥቷል ይላሉ፣ ክፍል ውስጥ የለም። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ ይደረጋል፦ አንድ ሰው ወደ ጽሕፈት ቤት ይላካል፣ መምህሩ ለእናቱ ይደውላል። የሚጠየቁት ከቤት ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ በየት በኩል እንደሚመጣና ከማን ጋር ሊሆን እንደሚችል ነው። በግሩፑ ላይ ግን «አልደረሰም» ተብሎ አይጻፍም። ሰባ ወላጅ በአንድ ጊዜ መደወል ይጀምራል፣ እናቲቱም ስልካቸው ስለሚያዝ አይገኙም። በምሳሌያችን ልጁ አርፍዶ በሩ ላይ ከሌሎች ጋር ስሙ እየተመዘገበ ነበር። እናቱ በስልክ ተነገራቸው፤ ግሩፑ ላይ «ከእናቱ ጋር ተነጋግረናል» የሚል አንድ መስመር ተጻፈ፤ የሌሎቹን ጥያቄ የሚያስቆም እሱ ነው።

9 ላይ ምንም መልእክት የለም። በዝርዝሩ ላይ ግን ኮከብ አለበት፤ ታላቅ እህቱ ሌላ ክፍል ናት። ሲደወል እናቱ «ትናንት ጽፌልዎት የለም እንዴ?» አሉ። ጽፈዋል፤ በታላቅየዋ ክፍል ግሩፕ ላይ። ኮከብ ያለበት ልጅ ያለ መልእክት ሲቀር ከመደወል በፊት የዚያኛውን ክፍል መምህር መጠየቅ አንዳንዴ ይፈጥናል፤ እዚያ ከሌለ ግን ወዲያው ይደወላል።

ደረጃ 4፦ ሁለተኛው ንባብ

የቀሪው ነገር ካለቀ በኋላ፣ በእረፍት ወይም ከትምህርት በኋላ፣ ከላይ ጀምሮ እንደገና ይነበባል። አሁን መካከለኛውና ቀኙ ዓምድ ይሞላሉ።

ጥያቄዎችን አንድ በአንድ ከመመለስ በፊት ይመደቡ። በአንድ ቀን ከሚመጡ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ናቸው፤ አምስት ሰው ስለ ስፖርት ልብስ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ መልእክት ላይ `Reply` አድርገው ይመልሱ፤ መልሱ ሁሉንም የሚመለከት ከሆነ ፒን ያድርጉት። ጥያቄው በዚህ ማስታወቂያ ሆኗል፤ ከመካከለኛው ዓምድ ተሰርዞ ወደ ቀኙ ይዛወራል። ስለ አንድ ልጅ ውጤት ወይም ጠባይ የተጠየቀ ከሆነ ግን፣ ጠያቂው በግሩፕ ቢጠይቅም መልሱ በውስጥ መስመር ይሄዳል። በግሩፑ ላይ «በውስጥ ልኬልዎታለሁ» ማለት ይበቃል።

ማስታወቂያ ላይ ያለው ሥራ ምንጩን ማወቅ ነው። የግማሽ ቀኑ መልእክት ጽሕፈት ቤት ሲጠየቅ የእኛን ክፍል የሚመለከት ሆኖ አልተገኘም እንበል። እርማቱ አሻሚ ነገር አይኑረው፦ «ትናንት ማታ በግሩፑ የተላለፈው የግማሽ ቀን መልእክት የእኛን ክፍል አይመለከትም። ዛሬ ሰኞ ሙሉ ቀን ነው።» የቀኑ ስም ይጠራ፤ «ዛሬ» ብቻ ከተባለ መልእክቱ ነገ ወደ ሌላ ግሩፕ ሲተላለፍ ሌላ ወሬ ይሆናል። ጊዜው ያለፈበትን ፒን ማንሳትም የዚሁ ሥራ አካል ነው። አሮጌ ፒን አናቱ ላይ ከሰነበተ ወላጆች ወደዚያ ማየት ያቆማሉ፣ የቀሪው አጻጻፍ ፒንም አብሮ ይረሳል።

የአውራ ጣት ምልክት ስለማድረግ አንድ ነገር ልበል። ወላጅ ምልክቱን ሲያይ «መዝግበውታል» ብሎ ይረዳል። ስለዚህ ምልክቱ የሚደረገው ወረቀቱ ላይ ከተጻፈ በኋላ ብቻ ነው። በታክሲ ውስጥ አይቶ አውራ ጣት አድርጎ፣ በኋላ እጽፈዋለሁ ማለት ወላጁ ዳግመኛ እንዳያስታውሰን በገዛ እጃችን መዝጋት ነው። ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት።

ደረጃ 5፦ አርብ ዕለት መቆጣጠር

አለያየቱ እየሠራ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው መዝገቡንና ወረቀቶቹን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። 20 ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ከመዝገቡ የሳምንቱን ቀሪዎች ይቁጠሩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀሪ ወደ ግሩፑ ተመልሰው መልእክት ተልኮ እንደነበር ይዩ። ከላይ ያልኩት የቃል ፍለጋ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ነው።

ለምሳሌ በሳምንቱ 11 ቀሪ ነበር እንበል። ለስምንቱ በግሩፑ መልእክት ተልኳል፤ በወረቀቱ ላይ የተገኙት ግን ስድስት ናቸው። ያመለጡት ሁለቱ ምን ዓይነት ነበሩ? አንዱ ሳይደመጥ የታለፈ ቮይስ፣ ሌላው «የኔም» የሚል ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ ታውቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት መጀመሪያ ቮይሶቹን ብቻ ማዳመጥ ነው። ሁለቱም ከስም ጥሪ 5 ደቂቃ በፊት የገቡ ከሆኑ ደግሞ ችግሩ ንባቡ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው፤ ስም ጠርተው ሲጨርሱ ግሩፑን አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት ይጨመራል።

ተቃራኒውም ይቆጠራል፦ ወረቀቱ ላይ ቀሪ ተብሎ ተጽፎ ክፍል ውስጥ የተገኘ ልጅ ስንት ነው? ይህ ቁጥር ትንሽ ከፍ ማለቱ አያስከፋም፤ ስንጠራጠር ወደሚያስቸኩለው ሣጥን የመላካችን ውጤት ነው። ዜሮ ከሆነ ግን ይጠርጠሩ። ምናልባት ግልጽ የሆነውን «ቀሪ 7 ሰኞ» ብቻ እየጻፉ፣ የሚያጠራጥረውን እያለፉት ይሆናል፤ የዚያ ሳምንት ያመለጡ መልእክቶች ቁጥርም ብዙውን ጊዜ አብሮ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ቀሪ ሆነው ምንም መልእክት ያልተላከላቸው ሦስቱ ልጆች ደግሞ የግሩፑ ጉዳይ አይደሉም። ወላጆቻቸው ግሩፑን ላይከፍቱት ይችላሉ፤ ስልክ ቀይረው ቁጥራቸው ከግሩፑ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። የእነሱ ተራ ቁጥር በዝርዝሩ ላይ ተከቦ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሲቀሩ ግሩፕ ሳይታይ በቀጥታ ይደወልላቸዋል።